ማረም ወይስ ማስዋብ? የሰርግ ቪዲዮ ቀለምን በስኮፕ መወሰን

ደሴ ውስጥ ሰርግ ቀርጾ የሚያቀናብር ሰው ከደንበኛ የሚሰማው የቀለም ቅሬታ ከሁለት አይዘልም። አንዱ «ሙሽራዋ ሰማያዊ ሆናለች»፣ «ፊቱ ጠቁሯል»፣ «የነጠላው ጥለት የት ጠፋ?» የሚል ነው። ሌላው «ጥሩ ነው፣ ግን ፊልም አይመስልም» የሚል ነው። የመጀመሪያው ቅሬታ የሚፈታው በከለር ኮሬክሽን ነው፤ ሁለተኛው በከለር ግሬዲንግ። ብዙ አቀናባሪ ግን ለሁለቱም ያለው መልስ አንድ ነው፤ ከኢንተርኔት ያወረደውን ሉት የሚባል ዝግጁ የቀለም ፋይል አንስቶ በሁሉም ሾት ላይ ይጭናል። ሰማያዊዋ ሙሽራ ያን ጊዜ አረንጓዴ ትሆናለች።

ኮሬክሽን የሚጠይቀው ካሜራው ፊት የነበረው ነገር በእርግጥ ምን ይመስል እንደነበር ነው። ነጠላው ነጭ ነበር? ፊቱ ምን ያህል ብርሃን ነበረው? ጥያቄው ትክክልና ስህተት ያለው መልስ ስላለው በመሣሪያ ሊለካ ይችላል። ግሬዲንግ የሚጠይቀው ደግሞ ተመልካቹ ምን እንዲሰማው እንደምንፈልግ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ የቆየ ፎቶ የሚመስል። ለዚህ ትክክለኛ ቁጥር የለም። ስለዚህ የሥዕሉን ብርሃንና ቀለም በግራፍ የሚያሳየው መለኪያ፣ ስኮፕ፣ በኮሬክሽን ጊዜ ዳኛ ነው፣ በግሬዲንግ ጊዜ ግን ዘበኛ ብቻ ነው። መልኩን አይመርጥላችሁም፤ ከአጥር ስትወጡ ግን ይጮኻል።

የትኛው ሥራ የትኛውን ይፈልጋል

ለሰዓታት የሚዘልቀው ሙሉ የሰርግ ቪዲዮ ኮሬክሽን ይበቃዋል። ቤተሰቡ የሚያየው ማን እንደመጣ፣ ማን እንደጨፈረ፣ እናትየው ምን እንደለበሰች ነው። እያንዳንዱ ሰው ራሱን መምሰል አለበት። ለቴሌግራምና ለዩቲዩብ የሚወጣው የጥቂት ደቂቃ ማጠቃለያ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ሙዚቃ አለው፣ ስሜት አለው፣ የሚታየውም ከሌሎች ስቱዲዮዎች ሥራ አጠገብ ነው። የሙዚቃ ክሊፕም እንዲሁ።

ኮምቦልቻ ላይ ጨርቅና ልብስ በቪዲዮ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ሥራ ከሰጣችሁ ደግሞ ግሬዲንግን እርሱት። ገዢው በስልኩ ያየው ቦርዶ እጁ ሲገባ ቡናማ ከሆነ ዕቃው ይመለሳል፣ ነጋዴውም ወደ እናንተ አይመለስም። ለዜናና ለዘጋቢ ፊልምም እርማት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቀዝቃዛ ሰማያዊ የተቀባ ገበያ ያልነበረ ሐዘን ይናገራል።

ጊዜ ያላችሁ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ምርጫው ቀላል ነው፣ እርማቱን ሥሩ። ታርሞ ያልተዋበ ቪዲዮ ትንሽ ደረቅ ሊመስል ይችላል፣ ግን የሚያማርርበት ሰው የለም። ሳይታረም የተዋበ ቪዲዮ ግን ከሾት ወደ ሾት ይዘላል። ምክንያቱ ሉት ምን እንደሆነ ሲታወቅ ግልጽ ነው። ሉት ማለት «ይህ ቁጥር ከገባ ያ ቁጥር ይውጣ» የሚል ሠንጠረዥ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ነጠላ ይሁን ግድግዳ አያውቅም። በአንዱ ሾት የነጠላው ብርሃን ከመቶ 58 ላይ፣ በሌላው 100 ላይ ከተቀመጠ፣ ሠንጠረዡ ሁለቱን ወደተለያየ ቦታ ይወስዳቸዋል። ያልታጠበ ጨርቅ ላይ ቀለም መንከር ማለት ነው፤ እድፉ ያለበት ቦታ ሌላ ቀለም ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በሎግ፣ ማለትም ኋላ እንዲስተካከል ሆን ተብሎ በደብዛዛ ቀለም የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ለምሳሌ የሶኒ ኤስ-ሎግ 3፣ መጀመሪያ ወደ ተለመደው የቴሌቪዥን ቀለም፣ ማለትም ወደ Rec.709 መቀየር አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ሉት የመቀየሪያ ሉት ነው፤ ሥራው የእርማት አካል ነው። «ሲኒማቲክ» የሚል ስም ተለጥፎበት የሚሸጠው ሉት ግን የመልክ ሉት ነው። የመልክ ሉትን በቀጥታ በሎግ ላይ መጫን፣ ወይም የመቀየሪያውን ሉት ሎግ ባልሆነ ቪዲዮ ላይ መጫን፣ ሁለቱም ሥዕሉን ያበላሻሉ። ምልክቱ ይለያያል፦ የመጀመሪያው ሥዕሉን አመዳማ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ፊትን ብርቱካን፣ ጥላን ድፍን ጥቁር ያደርጋል።

ዓይን ለምን አይበቃም

ዓይን ይለምዳል። ሰማያዊ ሥዕል ላይ ጥቂት ደቂቃ ከቆያችሁ ሰማያዊው ነጭ መስሎ ይታያችኋል። ግድግዳው ሮዝ ወይም አረንጓዴ የተቀባ ስቱዲዮ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ያንን ለማካካስ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። ላፕቶፑም የራሱ ጣጣ አለው። መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ይዞርና ብዙውን ጊዜ የስክሪኑን ብርሃን በራሱ ይቀንሳል። ሳታስተውሉ የሚቀጥሉትን ሾቶች በሙሉ ከሚገባው በላይ ታበራላችሁ። መብራት ሲመጣ ቪዲዮው ከግማሹ ጀምሮ ነጥቶ ይገኛል።

ስኮፕ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የሚያነበው በፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ነው። በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ውስጥም ይገኛል፤ `Ctrl+Shift+W` ብትጫኑ በራሱ መስኮት ይከፈታል። በፕሪሚየር ፕሮ `Window` ከሚለው ዝርዝር ውስጥ `Lumetri Scopes` ነው። ሪዞልቭ ካልቀየራችሁት በስተቀር ከ0 እስከ 1023 ይቆጥራል፣ ፕሪሚየር ግን 0 እስከ 100 ያሳያል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በ0–100 እናገራለሁ፤ በሪዞልቭ የምትሠሩ ቁጥሩን በአስር አባዙት፣ ለሥራችን በቂ ቅርበት አለው።

ለሰርግ ሥራ የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው። ዌቭፎርም ብርሃንን ያሳያል። የስኮፑ ግራ የሥዕሉ ግራ ነው፣ ቀኙም ቀኙ፤ ከፍታው ደግሞ የብርሃኑ መጠን ነው። ሙሽራው በሥዕሉ ቀኝ ቆሞ ከሆነ የነጠላው ነጭ በዌቭፎርሙ ቀኝ ከላይ ይታያል፣ የፀጉሩ ጥቁር እዚያው ከታች። ፓሬድ ይህንኑ ሥዕል በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ከፍሎ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል፤ ነጭ ነገር በሦስቱም ላይ እኩል ከፍታ ሊኖረው ይገባል። ቬክተርስኮፕ ክብ ነው፤ የቀለሙን ዓይነት በአቅጣጫ፣ የቀለሙን ድምቀት ከመሃል ባለው ርቀት ያሳያል። በላዩ ላይ በቀይና በቢጫ መካከል የምታልፍ የቆዳ መስመር አለች። በሪዞልቭ ካልታየቻችሁ ከስኮፑ ምርጫዎች ውስጥ አብሯት። የሰው ቆዳ ቀይም ሆነ ጠይም ወይም ጥቁር በዚያች መስመር አካባቢ ይወድቃል፤ ከሰው ሰው በብዛት የሚለያየው ብርሃኑ ነው እንጂ አቅጣጫው አይደለም። ሂስቶግራም የቱ ነገር የት እንዳለ ስለማያሳይ እዚህ ብዙም አይጠቅመንም።

አንድ ሰርግ፣ ሁለት አየር

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በሐረጎ ጠመዝማዛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረድ አየሩም ብርሃኑም ይለወጣል። ጠዋት ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣው የጦሳን ተራራ ጉም በሸፈነበት ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሰርገኛው ኮምቦልቻ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ማታ ደግሞ አዳራሹ አለ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ግን ካሜራው ሦስት ዓለም አይቷል። በአንድ ቅንብር ሦስቱን ማስተካከል የማይቻለው ለዚህ ነው።

የጠዋቱን ሾት እንውሰድ። ካሜራው ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ሲቀርጽ ዋይት ባላንሱ 3200 ኬልቪን ላይ ነበር። ሙሽራዋ ወደ ግቢ ስትወጣ ካሜራማኑ አልቀየረውም። ጉማማ ሰማይ ከ6500 ኬልቪን በላይ ስለሆነ ሥዕሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ ብርሃኑም አንሷል። ዌቭፎርሙ ላይ ነጠላዋ 58 ላይ፣ ፀጉሯ 12 ላይ ተቀምጧል። ፓሬዱ ላይ የነጠላው ቀይ 46፣ አረንጓዴ 58፣ ሰማያዊ 74 ነው። ፀጉሯ ላይ ደግሞ ቀይ 10፣ አረንጓዴ 12፣ ሰማያዊ 15።

ብዙ መመሪያ «መጀመሪያ ኤክስፖዠር፣ ቀጥሎ ዋይት ባላንስ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ እዚህ ግን አያዋጣም። ነጠላውን ከ58 ወደ 85 ለማንሳት ደማቁን ክፍል አብልጦ የሚያነሳውን ጌይን ስትጨምሩ ሰማያዊው ከ74 ተነስቶ ከ100 በላይ ያልፋል። ጣሪያውን ነክቶ ሲቆረጥ የነጠላው እጥፋት በሰማያዊው ቻናል ላይ ይጠፋል፣ ፓሬዱም ልኩን መናገር ያቆማል። አንድ ቻናል ከሌሎቹ ይህን ያህል ሲርቅ ቀለሙን አስቀድሙ።

ስለዚህ በጌይን ላይ ሰማያዊውን ብቻ ዝቅ አድርጉ፣ ቀዩን ብቻ ከፍ አድርጉ፤ የሦስቱ አናት 58 አካባቢ እስኪገጥም። ለሰማያዊው ማባዣው 0.78 ገደማ፣ ለቀዩ 1.26 ገደማ ይሆናል። አሁን ወደ ታች፣ ወደ ፀጉሩ ተመልከቱ። 15 በ0.78 ሲባዛ 12 ገደማ ነው፣ 10 በ1.26 ሲባዛም 12 ከምናምን። ከላይ ሲገጥም ከታችም በራሱ ገጠመ። ይህ ጥሩ ምርመራ ነው፦ ጌይን ብቻውን ላይኛውንም ታችኛውንም ካስማማ ጥፋቱ የዋይት ባላንስ ነበር ማለት ነው። ላይኛው ገጥሞ ታችኛው ከተለያየ፣ ጥላው ውስጥ ሌላ ብርሃን ገብቷል፤ ያንን ጥላውን አብልጦ በሚያንቀሳቅሰው ሊፍት ለብቻው ታስተካክላላችሁ። አንዱ ቻናል ከሌሎቹ ከላይ እስከ ታች በእኩል መጠን ተንሸራትቶ ካገኛችሁት ደግሞ መፍትሔው ሁሉንም ደረጃ እኩል የሚያንቀሳቅሰው ኦፍሴት ነው።

አሁን ብርሃኑን እናንሳ። ሊፍቱን ዝቅ አድርጋችሁ ፀጉሩን ወደ 5 ወይም 6 አውርዱ፣ ጌይኑን አንስታችሁ ነጠላውን ወደ 85 አድርሱ። ሊፍትና ጌይን አንዱ ሌላውን ስለሚስቡ ሁለት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ከዚያ መካከለኛውን ብርሃን በሚያንቀሳቅሰው ጋማ ፊቷን አስቀምጡ። ከኋላዋ በጉም ውስጥ የሚታየውን ዛፍ ወይም ተራራ ግን ወደ ጥቁር አትጎትቱ። ጉም ውስጥ ጥቁር የለም፤ ሩቁ ነገር 25 ወይም 30 ላይ መንሳፈፉ ትክክል ነው። ጥቁሩን የምትለኩት ካሜራው አጠገብ ባለው ሰው ፀጉር ነው።

ነጠላ ሁሉ ነጭ አይደለም

ነጭን ፈልጎ ሦስቱን ቻናል ማስማማት የሚሠራው ነጩ በእርግጥ ነጭ ሲሆን ነው። በእጅ የተፈተለ ነጠላ ክሬም ይነካዋል። ሦስቱን ቻናል በእርሱ ላይ ፍጹም እኩል ካደረጋችሁ ክሬሙን ለማጥፋት ሥዕሉን በሙሉ ወደ ሰማያዊ ገፍታችኋል። እንዲህ ባለ ፈትል ላይ ሰማያዊው ከቀዩ በሦስት ወይም በአራት ነጥብ ቢያንስ ልክ ነው። በተቃራኒው የፋብሪካ ሸሚዝና ማንጫ ባለበት ዱቄት ሳሙና የታጠበ ልብስ ውጭ ብርሃን ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በሳሙናውና በጨርቁ ውስጥ ያለው ማንጫ ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን ይለውጣል። የሚዜውን ሸሚዝ ተማምኖ ያረመ ሰው የሙሽራውን ፊት ቢጫ ያደርጋል። የፎቶኮፒ ወረቀትም ተመሳሳይ ማንጫ ስላለው አስተማማኝ አይደለም።

ሲሚንቶ ግድግዳ ወይም አስፋልት ከአብዛኛው ነጭ ልብስ የተሻለ ምስክር ነው፤ ፍጹም ባይሆንም ማንጫ የለበትም። ከሁሉ የሚሻለው ግን በቀረጻው ቦታ ላይ ለአንድ አፍታ ከፊት አጠገብ የተያዘ ግራጫ ካርድ ነው። ከዚህ በኋላ ማረጋገጫው ቬክተርስኮፕ ነው። በማስክ ጉንጭና ግንባር ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ሥዕሉን ሸፍኑ፤ በስኮፑ ላይ አንዲት ቀጭን ጭራ ትቀራለች። ጭራዋ በቆዳው መስመር ላይ ወይም አጠገቡ ከተኛች ጨርሳችኋል። ወደ ቢጫ ካዘነበለች አረንጓዴ ቀርቷል፣ ብዙውን ጊዜ ከፍሎረሰንት መብራት ወይም ቀለም ከተቀባ ግድግዳ የመጣ ነው። ወደ ቀይና ወደ ማጀንታ ካለፈች ከአረንጓዴ ወደ ማጀንታ የሚገፋውን ቲንት አብዝታችኋል። ሜካፕና ሂና ያለበትን ቦታ አትለኩ፤ የምትለኩት ባዶ ቆዳ ይሁን።

ስለ ፊት ብርሃን አንድ ማስጠንቀቂያ። ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ብዙዎቹ ፊት 70 ላይ ይቀመጥ ይላሉ። ያ ቁጥር ከነጮች ቆዳ የተወሰደ ነው። ጠይም ፊት 45 እና 55 መካከል፣ ጠቆር ያለው ከዚያ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ጤናማ ይመስላል፤ ግንባር ላይ ያለው ወዝ ከፍ ቢል ችግር የለም። ሁሉንም ፊት በጋማ ወደ 70 የሚገፋ አቀናባሪ ፀጉሩን ግራጫ፣ ቆዳውን አመድ፣ ነጠላውን ባዶ ነጭ ያደርጋል። «ቀላ አድርገኝ» የሚል ደንበኛ ቢመጣ ጥያቄው የግሬዲንግ ነው። በእርማቱ ላይ ሳይሆን በተለየ ኖድ፣ በማስክ፣ ትንሽ ብቻ ይሠራል። ሲጨርስም ጭራዋ ከመሃል ያላት ርቀት እንዳላጠረ ይታያል፤ ካጠረች ሰውየው አልቀላም፣ ገርጥቷል።

የማይመለሰው

የኮምቦልቻው እኩለ ቀን ሾት ሌላ ታሪክ ነው። ዌቭፎርሙ ላይ የሙሽራው ትከሻ ካለበት ቦታ ላይ 100ን ተደግፎ የተጋደመ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ጤነኛ ነጠላ በዌቭፎርም ላይ እንደ ጭስ ይንሳፈፋል፣ እጥፋቶቹ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ቀጥ ያለ መስመር ግን እዚያ ምንም መረጃ እንዳልተመዘገበ ይናገራል። ጌይኑን ወደ 88 ብታወርዱት መስመሩ ይወርዳል፣ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሰሌዳ ይመስላል፤ ከነጭ ቃጠሎ የባሰ አስቀያሚ ነው።

ስለዚህ የተቃጠለውን ነጭ በ95 እና በ97 መካከል ተዉት፤ ጉልበታችሁን በጋማ ፊቱን በማስቀመጥ ላይ አውሉት። ፓሬዱንም እዩ። ሦስቱም ቻናሎች እኩል ጣሪያ ከነኩ ነጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ተመልካችም ፀሐይ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቀዩ ብቻውን ጣሪያ የነካው ግንባር ላይ ከሆነ ግን ቢጫ ቁራጭ የተለጠፈ ይመስላል። ያን ጊዜ ያንን ደማቅ ቦታ ብቻ መርጣችሁ የቀለሙን ድምቀት ቀንሱ። ቆዳ አይመልስም፣ ግን ዓይን እንዳያርፍበት ያደርጋል።

የጠዋቱ ሾት ከባድ ቢመስልም ከዚህኛው ይሻላል፤ መረጃው ጨልሞ ነበር እንጂ አልጠፋም። ሆኖም ወሰን አለው። ብዙ ካሜራ የሚመዘግበው 8 ቢት ነው፣ ለእያንዳንዱ ቻናል 256 ደረጃ ብቻ። ቀዩን በ1.26 አባዝታችሁ እንደገና ብርሃኑን ስታነሱ በቀዩ ውስጥ የነበረው አሸዋ የሚመስል ጫጫታ አብሮ ይነሳል፤ በጉሙ ሰማይ ላይም ደረጃ ደረጃ የሆነ መስመር ሊታይ ይችላል። ከታየ ነጠላውን ከ85 ወደ 78 አውርዱት። ጉም ውስጥ የወጣች ሙሽራ እንደ እኩለ ቀን እንድታበራ የሚያስገድድ ሕግ የለም።

ከእርማት በኋላ

ሁለቱ ሾቶች አሁን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነጠላው በሁለቱም ነጭ፣ ፊቱ በሁለቱም ፊት ነው። መልኩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በየሾቱ ላይ ሳይሆን ከሁሉም በላይ በሚያርፍ አንድ ንብርብር ላይ ሥሩት፤ በፕሪሚየር አድጀስትመንት ሌየር፣ በሪዞልቭ የክሊፖች ግሩፕ አለ። ደንበኛው ሐሳቡን ሲለውጥ አንድ ቦታ ብቻ ታጠፋላችሁ፣ እርማቱ ሳይነካ ይቀራል።

ለማጠቃለያው ቪዲዮ እኔ የምመርጠው ጋማ ላይ ቀለል ያለ ኮንትራስት፣ ከዚያ በላይኛው ብርሃን ላይ ጥቂት ሙቀት ነው፤ ነጠላው ላይ ቀዩ ከሰማያዊው በሦስት ወይም በአራት ነጥብ እንዲበልጥ። ጥላውን አልነካም። በየቦታው የሚታየው ጥላን ወደ ሰማያዊ-አረንጓዴ፣ ቆዳን ወደ ብርቱካን የሚገፋ መልክ ለሀበሻ ልብስ አይስማማም ባይ ነኝ። የነጠላ እጥፋት ሁሉ ጥላ ነው፤ ጥላው ሲሰማየይ ያን ያህል ደክማችሁ ያጸዳችሁት ነጭ ተመልሶ ይቆሽሻል። የካባው ወርቅማ ጥልፍም ወደ ብርቱካን ይሄዳል። መልኩ ካለቀ በኋላ ስኮፑ እንደ ዘበኛ ይጠይቃል፦ ከተቃጠለው ቦታ ውጭ ነጠላው 95ን አልፏል? ፀጉሩ ከ2 በታች ወርዷል? የቆዳው ጭራ ከመስመሩ ርቃለች? የጥለቱ ቀይ በቬክተርስኮፑ ላይ ከቀዩ ሳጥን ውጭ ወጥቷል? መልሱ አይደለም ከሆነ የቀረው የጣዕም ጉዳይ ነው።

ስኮፑን የማትሰሙበት ቦታ

አዳራሹ ቀረ። መድረኩ ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ ኤልኢዲ ይሽከረከራል፤ ፓሬዱ ላይ ሰማያዊው ጣሪያ ነክቷል፣ አረንጓዴው ወለል ላይ ተኝቷል። እዚህ ሦስቱን ለማስማማት መሞከር ከንቱ ነው። አረንጓዴው ውስጥ የሚነሳ መረጃ የለም፣ ብታነሱት ጫጫታ ብቻ ይወጣል። ከዚያም በላይ ብርሃኑ በእርግጥ ሐምራዊ ነበር፤ ሐምራዊ ሆኖ መታየቱ ስህተት አይደለም። የሻማ ብርሃንም እንደዚሁ ቢጫ መሆን አለበት። እንዲህ ባለው ቦታ ሰማያዊው ብቻውን እንዳይጮህ ድምቀቱን ቀንሱ፣ ነጭ መብራት ፊቱን የነካበትን ፍሬም ፈልጋችሁ በእርሱ ላይ ቆዳውን አስተካክሉ፣ ያንኑ ቅንብር ለቀሩት ተጠቀሙ።

መስኮትና አምፖል የተቀላቀለበት ሳሎን ደግሞ በመካከል ይወድቃል። ከመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጭ ሰማያዊ፣ ከአምፖሉ በኩል ያለው ቢጫ ነው፤ አንድ ቅንብር ሁለቱን አያድንም። ለካሜራው የቀረበውን ወይም ሰፊውን የፊት ክፍል ምረጡ፣ በእርሱ አርሙ፣ ሌላውን በማስክ ግማሽ መንገድ ብቻ አምጡት። ሙሉ በሙሉ ካመጣችሁት ክፍሉ መስኮት እንደሌለው ይመስላል፣ ማስኩም ሰውየው ሲንቀሳቀስ ይታያል።

ለካሜራማኑ ከቀጣዩ ሰርግ በፊት የምትነግሩት ሁለት ነገር አለ። ዋይት ባላንሱን አውቶ ላይ አያድርገው፤ አውቶ በአንድ ሾት መካከል ደመና ሲያልፍ ቀለሙን ይለውጣል፣ ያንን ለማረም በኪፍሬም እየተከተላችሁ መሄድ ይኖርባችኋል። ውጭ 5600 ላይ ያቁመው፤ ጉም ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ይሆናል፣ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ሰማያዊ ስለሆነ በአንድ ቅንብር ይታረማል። ሁለተኛው በጣም የበራን ቦታ በመስመሮች የሚያሳየው ዜብራ ነው፤ 95 ላይ ያብራው፣ ነጠላው ላይ መስመሮቹ ሲወጡ አይሪሱን ይቀንስ። ፊቱ ትንሽ ቢጨልም ግድ የለም።